7 በመቶ ወለድ እየበላችሁ እንዴት ትከስራላችሁ? የቁጠባችሁን እውነተኛ ወለድ ደረጃ በደረጃ ማስላት

ብዙ ሰው ይህን ሂሳብ ይሞክረውና መንገድ ላይ ይሳሳታል። በጣም የተለመደው እንዲህ ነው፦ «ባንኩ 7 ሰጠኝ፣ ግሽበቱ 34 ነበር፣ ስለዚህ 27 በመቶ ከሰርኩ»። ሌላው ደግሞ የስድስት ዓመት ግሽበት ደምሮ ከስድስት ዓመት ወለድ ይቀንሳል። ሦስተኛው ወለዱን ለመጨረሻው ቀሪ ሂሳብ ያካፍልና «ባንኩ አጭበረበረኝ» ብሎ ቅርንጫፍ ድረስ ይሄዳል። ሦስቱም ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወለድ እንለይ። ባንኩ ውል ላይ የሚጽፍላችሁን «የስም ወለድ» እንበለው። ግብሩ፣ የአገልግሎት ክፍያውና የዋጋ ንረቱ ከተነሱለት በኋላ የሚቀረው «እውነተኛ ወለድ» ነው። የመጀመሪያው ብራችሁ በቁጥር ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ያ ብር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምን ያስፈልጋል

ሦስት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ የ12 ወር ስቴትመንት። የሞባይል መተግበሪያው የቅርብ ጊዜውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቅርንጫፍ ሂዳችሁ የሙሉ ዓመቱን ጠይቁ። ስቴትመንት ለማተም ስለሚያስከፍሉ አስቀድማችሁ ዋጋውን ጠይቁ። የቁጠባ ደብተር ብቻ ካላችሁ እሱም ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ አሳድሱት።

ሁለተኛ፣ የዋጋ ግሽበት ቁጥር። የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ያወጣል።

ሦስተኛ፣ የስልክ ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል። ካልኩሌተሩ ላይ የ`x^y` ቁልፍ ካላገኛችሁ ስልኩን አግድም አዙሩት፣ አብዛኞቹ ላይ ብቅ ይላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቴትመንቱና ግሽበቱ ስለ አንድ ዓይነት 12 ወር መናገር አለባቸው። የሐምሌ እስከ ሰኔ ስቴትመንት ይዛችሁ የጥር ወር ግሽበት ካነበባችሁ ቀሪው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

## ደረጃ 1፦ ኪሳችሁ የገባውን ወለድ ፈልጉ

ውሉን ሳይሆን ስቴትመንቱን እዩ። ከሥር ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ አስምሩባቸው።

1. በዓመቱ ውስጥ «ወለድ» ተብሎ የገባውን ሁሉ ደምሩ። አንዳንዱ ባንክ በየወሩ ያስገባል፣ አንዳንዱ በተወሰነ ጊዜ አጠራቅሞ።
2. ከወለዱ ላይ የተቆረጠውን ግብር ደምሩ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ የሚቆረጠው 5 በመቶ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም ስለተሻሻለ ቁጥሩን ከኔ ሳይሆን ከስቴትመንታችሁ ውሰዱ። እኔ ለምሳሌዎቹ በ5 እቀጥላለሁ።
3. የአገልግሎት ክፍያዎችን ደምሩ። የካርድ ዓመታዊ ክፍያ፣ የአጭር መልእክት፣ የኤቲኤም፣ የማስተላለፊያ። እያንዳንዱ ሳንቲም ስለሚመስል ዓይን አይሞላም።

ከ1 ላይ 2ን እና 3ን ቀንሱ። ያ የተጣራ ወለዳችሁ ነው።

ክፍያው በተለይ ትንሽ ቆጣቢን ነው የሚጎዳው። በወር 15 ብር የሚቆረጥበት ሂሳብ እናስብ፣ በዓመት 180 ብር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በ7 በመቶ 700 ብር ወለድ ያገኛል። ከዚያ ላይ 35 ብር ግብር፣ 180 ብር ክፍያ ሲወጣ 485 ብር ይቀረዋል። ማለትም 7 በመቶው 4.85 ሆነ። 100,000 ብር ያስቀመጠው ደግሞ ያው 180 ብር ነው የሚቆረጥበት፣ ስለዚህ 6.47 በመቶ ይዞ ይወጣል። ባንኩ አንድ፣ የውሉ ወለድ አንድ፣ ኪስ የሚገባው ግን ሌላ።

የማትጠቀሙበት ካርድ ወይም ሁለተኛ ሂሳብ ካለ ዛሬውኑ አዘጉት። ከዚህ ሁሉ ደረጃ ውስጥ ያለ ምንም ስጋት ገንዘብ የሚያተርፍላችሁ ይሄ ነው።

### እዚህ ላይ ቢያስቸግር

ስቴትመንቱ ላይ ግብሩ ለብቻው የማይታይበት ጊዜ አለ። ባንኩ ቀንሶ የተጣራውን ብቻ ሊያስገባ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ግብሩን ድጋሚ አትቀንሱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አንዱን ወር መርጣችሁ ራሳችሁ አስሉ፦ የወሩ ቀሪ ሂሳብ ሲባዛ በ0.07፣ ሲካፈል ለ12። የገባው ከዚህ በ5 በመቶ ገደማ ካነሰ ግብሩ ተነስቶለታል ማለት ነው።

ከወለድ ነፃ ሂሳብ ያላችሁስ? የአደራ ዓይነት ከሆነ ወለዱን ዜሮ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ግሽበት ሃይማኖት አይለይም። ትርፍ የሚካፈል ከሆነ የደረሳችሁን ትርፍ በወለድ ቦታ አስገቡ።

## ደረጃ 2፦ ለአማካይ ቀሪ ሂሳብ አካፍሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ በተለይ በየወሩ ከደመወዝ የሚያስቀምጥ።

በየወሩ መጀመሪያ 5,000 ብር አስገባችሁ እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ 60,000 ብር አለ። ወለድ ከግብር በፊት 2,275 ብር ገባ። 2,275 ለ60,000 ሲካፈል 3.8 በመቶ ይመጣል። ወዲያው ስልክ ተነስቶ «7 ብላችሁ 3.8 ሰጣችሁኝ!» ይባላል።

ባንኩ አልበላችሁም። 60,000 ብሩ ዓመቱን ሙሉ እዚያ አልነበረማ። የመጀመሪያው 5,000 ነው 12 ወር የተቀመጠው፣ የመጨረሻው አንድ ወር ብቻ።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የእያንዳንዱን ወር መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ ጻፉ። 12 ቁጥር።
2. ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ። በምሳሌያችን 32,500 ይመጣል።
3. ወለዱን ለዚህ አካፍሉ። 2,275 ÷ 32,500 = 7 በመቶ። ተስተካከለ።

ለቀጣዩ ደረጃ ግን የምትይዙት ግብርና ክፍያ የወጣለትን ነው።

### እዚህ ላይ ቢያስቸግር

አማካዩን ካሰላችሁ በኋላም ቁጥሩ ከውሉ በጣም ካነሰ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። ባንኩ ወለዱን የሚያስበው በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወሩ አጋማሽ ላይ 40,000 አውጥታችሁ በሳምንቱ ብትመልሱም ወሩን ሙሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ወይም ደግሞ ሂሳባችሁ ቁጠባ ሳይሆን ወለድ የማይታሰብበት ዓይነት ሆኖ ተከፍቷል። «ወለዱ በዕለት ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዝቅተኛ ከሆነ ወጪያችሁን ወሩ መጀመሪያ አካባቢ ባንድ ጊዜ አድርጉ፣ በየሳምንቱ አትነካኩት።

## ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን የግሽበት ቁጥር ምረጡ

የስታትስቲክስ አገልግሎቱ መግለጫ ላይ ከአንድ በላይ ቁጥር ታገኛላችሁ። ዜናው ደግሞ እንደመጣለት አንዱን ያነሳል። እናንተ የምትፈልጉት ከዓመት ዓመት የሚለውን ነው፣ የዘንድሮው ወር ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነፃፀር።

- ስቴትመንታችሁ ሰኔ ላይ የሚያልቅ ከሆነ የሰኔን ከዓመት ዓመት ግሽበት ውሰዱ።
- ካለፈው ወር ጋር የተነፃፀረውን አትውሰዱ። እሱ 1 ወይም 2 በመቶ ሊሆን ይችላልና ተደስታችሁ ትቀራላችሁ።
- የ12 ወር አማካይ የሚባለውንም ለአንድ ዓመት ስሌት ተዉት። ግሽበቱ እየወረደ ባለበት ጊዜ ከእውነቱ በላይ፣ እየወጣ ባለበት ጊዜ ከእውነቱ በታች ያሳያል።

«ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። 34 የነበረው 14 ሆነ ማለት ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፣ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው። በፊት የተበላው ብር አይመለስም።

### የራሳችሁን ግሽበት ማውጣት

አገራዊው ቁጥር የናንተን ቤት ላይመስል ይችላል። ተከራይ የሆነና የራሱ ቤት ያለው አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ጊዜ ካላችሁ ይህን ሞክሩ።

ወጪያችሁን በሦስት ክፈሉት፦ ምግብ፣ ኪራይ፣ ሌላው። ምግብ የወጪያችሁ ግማሽ ሆኖ 10 በመቶ ጨምሯል እንበል። ኪራይ 30 በመቶው ድርሻ ይዞ በ25 ጨመረ። ቀሪው 20 በመቶ በ15 ጨመረ። ድርሻውን በጭማሪው አባዙና ደምሩ፦ 5 + 7.5 + 3 = 15.5 በመቶ። ይህ የናንተ ግሽበት ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ መጠኑን እዩ። አምና አምስት ሊትር የነበረው ዘይት ዘንድሮ አራት ሊትር ሆኖ በዚያው ዋጋ ከተሸጠላችሁ ዋጋው 25 በመቶ ጨምሯል።

## ደረጃ 4፦ አካፍሉ እንጂ አትቀንሱ

አሁን የተጣራ ወለድና ግሽበት አላችሁ። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
እውነተኛ ወለድ = (1 + የተጣራ ወለድ) ÷ (1 + ግሽበት) − 1
```

ኤክሴል ላይ የተጣራ ወለዱን `B2`፣ ግሽበቱን `C2` ውስጥ አስገቡና እንዲህ ጻፉ፦

```
=(1+B2)/(1+C2)-1
```

ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው ጥቅምት 2010 ዓ.ም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የአገሪቱ ከዓመት ዓመት ግሽበት 34 በመቶ አካባቢ ነበር። 7 በመቶው ግብር ወጥቶለት 6.65 ይሆናል። ክፍያውን ለጊዜው እንርሳው።

1.0665 ÷ 1.34 = 0.796። አንድ ሲቀነስ −20.4 በመቶ።

በመቀነስ ብትሠሩ ኖሮ −27.35 ይመጣ ነበር። ሰባት ነጥብ ያህል ልዩነት! ግሽበት 2 እና 3 በመቶ በሆነበት አገር መቀነስ ብዙም አያሳስትም፣ ለዚህ ነው የውጭ ድረ ገጾች «ዝም ብለህ ቀንስ» የሚሉት። በኛ ቁጥሮች ግን ያሳስታል።

### እዚህ ላይ ቢያስቸግር

ኤክሴል −0.97 ወይም ሌላ የማይመስል ነገር ካወጣላችሁ 34ን እንደ 34 ነው ያስገባችሁት። `34%` ወይም `0.34` ብላችሁ አስተካክሉ። መልሱ ከ−1 አጠገብ ሲሆን ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

## ደረጃ 5፦ ወደ ብዙ ዓመት አስፉት

ለረጅም ጊዜ የሚቆጥብ ሰው እውነቱን የሚያየው እዚህ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በመቶኛዎችን አትደምሩ፣ አባዙ።

ከ2018 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ዓመታዊ አማካይ ግሽበት በግርድፉ 14፣ 16፣ 20፣ 27፣ 34 እና 30 በመቶ ነበር። እያንዳንዱን ወደ አንድ ነጥብ ምናምን ቀይራችሁ አባዙ፦

```
1.14 × 1.16 × 1.20 × 1.27 × 1.34 × 1.30 = 3.51
```

ማለት እ.ኤ.አ. በ2017 አማካይ ዋጋ 100 ብር ይገዛ የነበረው የገበያ ዕቃ በ2023 351 ብር ጠየቀ። ብትደምሩት 141 ስለሚመጣ 241 ብር ይመስላችሁ ነበር። የ110 ብር ስህተት።

አሁን ቁጠባውን። 100,000 ብር በ7 በመቶ፣ ግብር ወጥቶለት በ6.65፣ ስድስት ዓመት ሳይነካ፦

```
100,000 × 1.0665^6 = 147,152
```

ደብተሩ ላይ 147,152 ብር ይታያል። ቆንጆ ነው፣ ወደ ግማሽ ያህል አድጓል። ለ3.51 አካፍሉት፦ 42,000 ብር አካባቢ። በ2017 ዋጋ ሲታይ መቶ ሺው የ42 ሺህ ብር ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሆነ። አንድም ሰው አልሰረቀውም፣ ስቴትመንቱ ላይ አንድም ወር ቅናሽ አልታየም። በየዓመቱ ቁጥሩ ወደ ላይ ነው የሄደው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሳያውቀው ዓመታት የሚያልፉት።

ቤት ልገዛ ብሎ ይህን ያደረገ ሰው ስድስት ዓመት ቆጥቦ ከቤቱ የራቀው በስንፍና አይደለም።

### እዚህ ላይ ቢያስቸግር

በየዓመቱ የምትጨምሩበት ብር ካለ አንድ ላይ አትጨፍልቁት። የእያንዳንዱን ዓመት ቁጠባ ለብቻው አስሉ። የ2020 ብር በ2020 የነበረውን ዋጋ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ የሚባዛው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግሽበት ብቻ ነው። ኤክሴል ላይ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ረድፍ ስጡ።

ዓላማችሁ ከውጭ የሚመጣ ነገር ከሆነ ደግሞ፣ መኪና ወይም የውጭ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሸማቾች ግሽበት አይበቃችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. 2024 ሳያልቅ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት ለዶላር ዕቃ በብር የቆጠበ ሰው ኪሳራው ከግሽበቱ እጅግ ይበልጣል። እናንተ በግሽበቱ ቦታ የምንዛሪውን ለውጥ አስገቡ።

## ደረጃ 6፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሲቀርብላችሁ

የቁጠባው ሂሳብ እንደማያዋጣ ያየ ሰው ወደ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይሄዳል፣ ብሩን ለተወሰነ ጊዜ ቆልፎ ከፍ ያለ ወለድ ወደሚያገኝበት። ጥሩ ነው። ወለዱም በድርድር ነው፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር አትቀበሉ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ሥሩ።

ሀ. ጠቅላላውን ወደ ዓመታዊ ቀይሩ። «በ5 ዓመት 80 በመቶ ትርፍ» ከተባላችሁ 80ን ለ5 አካፍላችሁ 16 አትበሉ። ወለዱ በየዓመቱ ቢገባላችሁ ኖሮ ራሱ ወለድ ይወልድ ነበር። ትክክለኛው፦

```
=1.8^(1/5)-1
```

12.5 በመቶ ነው። ከ16 ጋር ሰፊ ልዩነት አለው።

ለ. እኩል የሚያወጣችሁን ወለድ ፈልጉ። ግሽበት 14 ይሆናል ብላችሁ ከገመታችሁ፣ ክፍያው ከገንዘባችሁ 0.2 በመቶ ከሆነ፣ ግብሩ 5 ከሆነ፣ ባንኩ ስንት ቢሰጣችሁ ነው ላለመክሰር የሚበቃችሁ? ግሽበቱና ክፍያው ተደምሮ ለ0.95 ይካፈላል፦ 14.2 ÷ 0.95 = 14.95። ወደ 15 በመቶ። ከዚያ በታች የሆነ ውል ኪሳራውን ይቀንሳል እንጂ አያተርፍም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ነው ባንክ የምትገቡት።

ሐ. በሦስት ግሽበት ሞክሩት። እስካሁን ያሰላነው ያለፈውን ነው። ውሉ ግን ስለ ወደፊቱ ነው፣ የወደፊቱን ማንም አያውቅም። 12 በመቶ የአንድ ዓመት ውል ቢሰጣችሁ ግብር ወጥቶ 11.4 ነው። ግሽበቱ 10 ከሆነ 1.3 በመቶ ታተርፋላችሁ። 14 ከሆነ 2.3 ትከስራላችሁ። 20 ከሆነ 7.2። ሦስተኛውን መቋቋም ካልቻላችሁ ረጅም ጊዜ አትቆልፉ። እኔ ብሆን ግሽበቱ አቅጣጫው ሳይለይ ከአንድ ዓመት በላይ አልቆልፍም፣ ባንኩ ለሦስት ዓመት ትንሽ ከፍ ያለ ቢሰጠኝም። ግሽበቱ በርግጥ እየወረደ መሆኑን ያመነ ሰው ግን ተቃራኒውን ማድረግ አለበት፣ ከፍ ያለውን ወለድ ለረጅም ጊዜ መያዝ።

### ፊርማ ላይ የሚጠየቁ

- ጊዜው ሳይደርስ ባወጣው ስንት ወለድ አጣለሁ? ብዙ ጊዜ ወደ ተራ ቁጠባ ወለድ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ምንም አይታሰብም። በጽሑፍ ይስጧችሁ።
- ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይታደሳል? ከታደሰ በየትኛው ወለድ?
- ወለዱ በየስንት ጊዜ ይገባል?

ሁለተኛውን የማይጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ውሉ ካለቀ በኋላ ገንዘቡ ለወራት በ7 በመቶ ሲተኛ ማንም አይደውልለትም። ማብቂያው ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አስገቡ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ እቁብ። ግሽበት ባለበት ጊዜ እቁብ የመጀመሪያ ዕጣ ለደረሰው ያለ ወለድ ብድር ነው፣ የመጨረሻ ለደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ማበደር። በእቁብ ለመቆጠብ ያሰበ ሰው ዕጣው መጨረሻ ላይ ከመጣ ኪሳራውን በደረጃ 4 ያስላው፣ ወለዱን ዜሮ አድርጎ።

## ደረጃ 7፦ ውጭ አገር ላላችሁ፣ ክፍያውን በመቶኛ አስሉ

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ላላችሁ ዋናው ሌባ ሌላ ነው። ግሽበቱ ዝቅ ያለ ነው፣ የጡረታ ቁጠባው ግን በየዓመቱ ከጠቅላላ ገንዘባችሁ በመቶኛ ክፍያ ይቆረጥበታል። ያ ክፍያ ከትርፉ ላይ ሳይሆን ከሁሉም ላይ ነው የሚነሳው፣ የከሰራችሁበት ዓመትም ቢሆን።

አሜሪካ ያላችሁ የ401(k) የጡረታ መለያችሁን ክፈቱና በእያንዳንዱ ፈንድ አጠገብ `Expense Ratio` የሚለውን ፈልጉ። አንዱ 0.1 በመቶ፣ ሌላው 1 በመቶ ሊል ይችላል። «አንድ በመቶ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ፈንዱ ከግሽበት በላይ 5 በመቶ ያተርፋል ብለን እናስብ። 10,000 ዶላር ለ30 ዓመት ስታስቀምጡ 0.1 የሚቆርጠው 42,000 ገደማ ይሰጣችኋል፣ 1 የሚቆርጠው 32,400 ገደማ። ሁለቱም ቁጥር በዛሬ የመግዛት አቅም ነው። ወደ ሩብ የሚጠጋው ገንዘብ ሄደ። ስለዚህ ማነፃፀር ያለባችሁ ክፍያውን ከገንዘባችሁ ጋር ሳይሆን ከእውነተኛው ትርፍ ጋር ነው። ከ5 ላይ 1 ማለት አንድ አምስተኛ ነው።

እስራኤል ያላችሁ የጡረታ ፈንዱ መግለጫ ላይ ድሜይ ኒሁል የሚለውን፣ የአስተዳደር ክፍያውን ማለት ነው፣ ፈልጉ። ሁለት ቦታ ነው የሚቆረጠው። አንዱ በየወሩ ከሚገባው ላይ፣ በሕግ እስከ 6 በመቶ። ሌላው ከተጠራቀመው ላይ፣ በዓመት እስከ 0.5 በመቶ። ዓይን የሚስበው 6ቱ ነው። ግን 6ቱ የሚቆረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 0.5ቷ በየዓመቱ ስለምትመጣ ዛሬ የገባ ሰቅል በ30 ዓመት ውስጥ 14 በመቶውን ታጣለች፦

```
1 − 0.995^30 = 0.14
```

ወጣት የሆነ ሰው ሲደራደር በተጠራቀመው ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ይጫን። ጡረታ ሊወጣ የቀረበ ሰው ደግሞ አዲስ የሚያስገባው ብር ብዙ ዓመት ስለማይቆይ በዚያ ብር ላይ 6ቱ ይከብደዋል፤ የተጠራቀመው ብዙ ከሆነ ግን 0.5ቷ ከዚያ ልትበልጥ ስለምትችል ሁለቱንም በሰቅል አስልቶ ይደራደር። ለመነሻ ያህል መንግሥት በጨረታ የመረጣቸውን ፈንዶች ክፍያ አይታችሁ «እነሱ ይህን ያህል ነው የሚቆርጡት» በሉ። ካልቀነሱላችሁ መዛወር ትችላላችሁ። ስትዛወሩ ግን የሕይወትና የአካል ጉዳት ሽፋናችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ፣ በተለይ ሕመም ያለባችሁ።

## ደረጃ 8፦ ውጤቱን ይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ

እውነተኛ ወለዳችሁ ከዜሮ በታች ከመጣ ብሩን ሁሉ ነቅላችሁ አትሩጡ። በጊዜ ክፈሉት።

የሦስት ወር ወጪ የሚሆነው በተራ ቁጠባ ይቀመጥ። ይከስራል፣ አውቃችሁ ነው የምትከስሩት። 60,000 ብር ቢሆንና እውነተኛ ወለዱ −6 ቢሆን በዓመት 3,600 ብር ይሄዳል። ልጅ ሌሊት ሲታመም ገንዘቡ እጃችሁ ላይ እንዲሆን የምትከፍሉት ዋጋ ነው፣ እኔ ውድ አይመስለኝም። 300,000 ብር እንደዚያ ማስቀመጥ ግን 18,000 ነው፣ ያ ውድ ነው።

ዓመት የማትነኩት በደረጃ 6 ተፈትኖ የጊዜ ገደብ ላይ ይግባ፣ ወይም መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለዱ በጨረታ ስለሚወጣ ያለፈውን ጨረታ ውጤት ከብሔራዊ ባንክ አይታችሁ በዚያው ቀመር አስሉት። ከዚያ ረዘም ላለው የምትገዙት ነገር ግልጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቤት መሥሪያ ቆርቆሮና ብረት፣ ዕቃውን ቀድሞ መግዛት ከማንኛውም ሂሳብ የተሻለ የሆነበት ዓመት ነበር። የሚሰረቅና የሚዝግ መሆኑን ግን ሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ግሽበት ያስደነገጠው ሰው ለአጭበርባሪ ይመቻል። በወር 10 እና 20 በመቶ እንሰጣለን የሚሉ የቴሌግራም ቡድኖች የሚያነጣጥሩት እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው። በወር 10 በመቶ በዓመት ሲባዛ 214 በመቶ ይሆናል (`1.1^12-1`)። ይህን ያህል እውነት የሚያተርፍ ሰው የናንተን 20,000 ብር አይለምንም።

ስሌቱን በዓመት ሁለት ጊዜ ድገሙት፣ አንዴ ሰኔ ካለቀ በኋላ፣ አንዴ ታኅሣሥ ካለቀ በኋላ። ያው ኤክሴል ሲኖር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የክፍያው ድምር ካለፈው ከጨመረ ባንኩ ታሪፍ ቀይሯል ማለት ነው፤ ዝርዝሩን ጠይቁ፣ ካላዋጣችሁ ሂሳቡን አንቀሳቅሱ።